ሁለት ቦታ የተጻፈችው «የተወሰነ ኩረንት»



ትናንት ማታ በቴሌግራም አራት ፎቶ ደረሰኝ። አንድ የፓምፕ ፓነል በር ውስጠኛው ገጽ ላይ የተለጠፈ የኤሌክትሪክ ካርታ ነው፤ ጽሑፉ በሙሉ ቻይንኛ። ከሥሩ «ቲቸር፣ ይቺን እስከ ጠዋት በአማርኛ አድርግልን፣ ሥራ ቆሞብናል» ይላል። ላኪው ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሳስተምረው አውቀዋለሁ። ግን እስከ ጠዋት አላደረስኩለትም። «ቲቸር አርጅቷል» ብሎ ሳይቀየመኝ አልቀረም። ለምን እንዳላደረስኩ ለእሱ ብቻ ከምጽፍለት ለሁላችሁም ልጻፈው፤ በተለይ በየሳይቱ «አንተ ትንሽ ቋንቋ ትችላለህ፣ ተርጉምልን» እየተባላችሁ ለምትቸገሩት።

አቋሜን መጀመሪያ ልናገርና ወደ ወሬው እንግባ። የቴክኒክ ካርታ ስንተረጉም የሚያጠፋን ቃል አለማወቃችን አይደለም። ቃል ካላወቅን እንጠይቃለን፣ ወይም ባዶ እንተወዋለን። የሚያጠፋን የምናውቃት ቃል አንድ ቦታ ላይ አንድ ነገር፣ ሌላ ቦታ ላይ ሌላ ነገር ስትሆን ነው። ካርታው በአንድ ትልቅ ወረቀት ቢሆን ኖሮ ዓይናችን ያየው ነበር። በፎቶ ተቆራርጦ ሲመጣ ግን አንዱን ፎቶ ዛሬ፣ ሌላውን ነገ ነው የምንሠራው። የትናንቱን ቃላችንን ደግሞ ማናችንም አናስታውስም።

አሁን ወደ አንድ የተቃጠለ ሞተር። ቦታውን አልናገርም፣ የሠሩትም ሰዎች ክፉ ሰዎች አይደሉም።

የውኃ ፓምፕ ነው። ሞተሩ 37 ኪሎዋት፣ 380 ቮልት፤ ታርጋው ላይ 70 አምፔር ተጽፏል። አነሳሱ ስታር ዴልታ ነው፤ ማለትም መጀመሪያ በስታር ቀስ ብሎ ይነሳና ታይመሩ ሲደርስ ወደ ዴልታ ይዞራል። ፓነሉ ውስጥ ሦስት ኮንታክተር፣ አንድ ታይመር፣ አንድ ኦቨርሎድ አለ። አንድ ቀን ኦቨርሎዱ ቀለጠ። መልኩ እስኪጠፋ ስለቀለጠ ከስንት እስከ ስንት አምፔር እንደሆነ ማንበብ አልተቻለም። ሱቅ ሄዶ ለመግዛት ቁጥሩ ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ያለው ካርታው ላይ ነው። ካርታውን በሦስት ፎቶ አንስተው ቻይና ተምሮ ለመጣ ልጅ ላኩለት። ልጁ ቻይንኛውን አሳምሮ ያውቃል፣ የተማረው ግን ንግድ ነው። በሁለት ቀን ጨርሶ መለሰላቸው።

የመጀመሪያው ፎቶ ትርጉም ላይ ከሞተሩ አጠገብ «የተወሰነ ኩረንት፦ 70 አምፔር» ይላል። ሦስተኛው ፎቶ ላይ የዕቃዎች ዝርዝር ሠንጠረዥ አለ፤ ከመጨረሻዎቹ መስመሮች በአንዱ «ሪሌ፣ የተወሰነ ኩረንት፦ 40.5 አምፔር» ይላል። ልብ በሉ፣ ያው «የተወሰነ ኩረንት» ሁለት ቦታ፣ ሁለት የተለያየ ቁጥር።

ኤሌክትሪሺያኑ ይህን አየና እንደማንኛችንም አሰበ። አንድ ነገር ሁለት ቁጥር ሊኖረው አይችልም፤ ስለዚህ አንዱ ስህተት ነው። የሞተሩን ታርጋ አየ፣ 70 ይላል። በቃ 40.5 የተባለው የፎቶ ስህተት ነው፣ ወይም የሌላ ትንሽ ፓምፕ ነው ብሎ ተወው። ሱቅ ሄዶ ከ63 እስከ 80 አምፔር የሚሞላ ኦቨርሎድ ገዛ፣ 70 ላይ ሞላው፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ሁሉም ተደሰተ።

ቻይንኛው ላይ ግን ቃሎቹ ሁለት ነበሩ። የሞተሩ አጠገብ ያለው «ኧ ዲንግ» ነው የሚለው፤ አምራቹ ለዕቃው የወሰነለት ልክ ማለት ነው። ሠንጠረዡ ላይ ያለው «ጀንግ ዲንግ» ነው፤ አንተ ራስህ በዊንዲቨር አዙረህ የምታስተካክለው ልክ ማለት ነው። ሁለቱም ውስጥ «ዲንግ» አለ፣ መወሰን፣ ማጽናት እንደማለት። ልጁ ሁለቱንም ቀን «ዲንግ»ን አየ፣ ሁለቱንም ቀን «የተወሰነ» ብሎ ጻፈ። መዝገበ ቃላት ይዘን ብንከሰው እንኳ ይረታናል። ቃል በቃል ሁለቱም ልክ ናቸው። ስህተቱ ያለው በሁለቱ መካከል ነው።

40.5 ከየት መጣ? 70ን ለ1.73 አካፍሉት፣ 40.5 ገደማ ይሰጣችኋል። በዚያ ካርታ ላይ ኦቨርሎዱ የተቀመጠው ከዋናው መስመር ላይ አይደለም፤ ከKM1 በታች፣ ወደ ሞተሩ U1፣ V1፣ W1 በሚሄደው ሽቦ ላይ ነው። የዴልታው ኮንታክተር መጋቢ ሽቦ ደግሞ ከKM1 በላይ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ሞተሩ ዴልታ ላይ ሲሆን ከመስመር የሚመጣው 70 አምፔር ሁለት መንገድ ይይዛል፤ በኦቨርሎዱ ውስጥ የሚያልፈው የጠመዝማዛው ድርሻ ብቻ ነው፣ 58 በመቶው። ሠንጠረዡ 40.5 ያለው ለዚህ ነው። ስታር ዴልታ ያስተማርኳችሁ ልጆች ይህን በፈተና መልሳችሁልኛል። ግን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ሕዝብ ውኃ ጠፋብኝ እያለ፣ ፊት ለፊት ወረቀት ላይ «የተወሰነ ኩረንት 70» ተጽፎ ሲታይ ፈተናው ትዝ አይልም።

ከዚያ ወራት አለፉ። የፓምፑ ቤሪንግ እየከበደ መጣ። ኦፕሬተሩ ትጉህ ስለነበር ፓነሉ ላይ ካለው አምፔር ሜትር እያነበበ በየቀኑ ደብተሩ ላይ ይጽፍ ነበር፤ ደብተሩን በዓይኔ አይቼዋለሁ። 68፣ 70፣ ከዚያ 80፣ በመጨረሻ 95። አምፔር ሜትሩ የሚያነበው የመስመሩን ነው። መስመሩ ላይ 95 ሲሆን ኦቨርሎዱ ውስጥ የሚያልፈው 55 ገደማ ነው። ሴቲንጉ 40.5 ቢሆን ኖሮ 55 ማለት ከልኩ 36 በመቶ በላይ ነው፤ ሞተሩን በደቂቃዎች ውስጥ ያቆመው ነበር። 70 ላይ ለተሞላ ኦቨርሎድ ግን 55 ምንም አይደለም፣ ገና 22 በመቶ ይቀረዋል። ስለዚህ ዝም አለ። ሞተሩ ጠመዝማዛው ጠቁሮ ከተሸተተ በኋላ ነው የቆመው። አስጠቅልለው መለሱት፤ ሰፈሩ በዚያ መሀል በቦቴ ውኃ ጠጣ።

እኔ የተጠራሁት «አዲሱ ኦቨርሎድ ፎርጅድ ነው፣ አረጋግጥልን» ተብዬ ነው። ኦቨርሎዱ ጤነኛ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምይዘው አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ግን በተቃራኒው ነው የሚጨነቀው። ለአንድ ዕቃ ሁለት ስም መስጠት ያናድዳል፣ ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ብዙ ጊዜ አይገድልም። ያው ካርታ ላይ ኮንታክተሩ አንዱ ፎቶ ላይ «ኮንታክተር»፣ ሌላው ላይ «የማግኔት ማብሪያ» ተብሎ ነበር። ልጆቹ ግማሽ ቀን የሌለ የማግኔት ማብሪያ ሲፈልጉ ውለዋል። ተሳስቀው ተዉት። ለሁለት ነገር አንድ ስም መስጠት ግን ድምፅ የለውም። ማንም ሰው «እዚህ ሁለት ነገር አለ» ብሎ አይጠረጥርም፤ ወረቀቱ አንድ ነገር ነው እያለው! ስለዚህ ትርጉም ስታርሙ መጀመሪያ ያንን ፈልጉ። በካርታ ላይ ትልቁ ወጥመድ ደግሞ «ሪሌ» ነው። በቻይንኛው ኦቨርሎዱ «የሙቀት ሪሌ» ነው፣ ታይመሩ «የጊዜ ሪሌ» ነው፣ ትንሿ ረዳት ሪሌ ደግሞ «የመሀል ሪሌ» ናት። ተርጓሚው ሲደክመው የፊት ቃሉን ይጥልና ሦስቱም «ሪሌ» ይሆናሉ። ከዚያ አንዱ «የሪሌውን ጊዜ ቀንስ» ሲባል የኦቨርሎዱን አምፔር ያዞራል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ፎቶዎቹን ስቀበል አንድም ቃል አልተረጉምም። ፊደሎቹን ብቻ ነው የምለቅመው። የካርታ ዕቃ ሁሉ አጠገቡ የፊደልና የቁጥር ምልክት አለው፤ KM1፣ KM2፣ KM3፣ FR፣ KT፣ SB1፣ SB2፣ QF፣ HL1። እነዚህን በእርሳስ ወረቀት ላይ ወደ ታች እጽፋቸዋለሁ፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ በየትኞቹ ፎቶዎች ላይ እንዳየሁት ጭምር። FR በፎቶ 1 እና በፎቶ 3። KT በፎቶ 2 እና በፎቶ 3። ከዚያ ለእያንዳንዱ ምልክት አንድ ስም አወጣለታለሁ፤ FR ኦቨርሎድ፣ KT ታይመር። ስም የምሰጠው ለፊደሉ ነው፣ ለቻይንኛው ቃል አይደለም። ከዚያ በኋላ ፎቶ 3 ላይ «ሪሌ» የሚመስል ቃል ሳገኝ አጠገቡ FR ካለ ኦቨርሎድ ነው፣ ክርክር የለም።

የቻይናው ልጅ ትልቁ ጥፋት እንደውም «የተወሰነ» ማለቱ አልነበረም። ፊደሎቹን ማጥፋቱ ነው። ወረቀቱ ንጹህ አማርኛ እንዲሆን ብሎ FR የሚለውን አውጥቶ «ሪሌ» ብቻ አስቀረ። ሠንጠረዡ ላይ «FR፦ የተወሰነ ኩረንት 40.5»፣ ሞተሩ ጋ «M፦ የተወሰነ ኩረንት 70» ብሎ ቢተው ኖሮ፣ ቃሉ እንዳለ ቢሳሳት እንኳ ኤሌክትሪሺያኑ 40.5 የFR መሆኑን አይቶ ይቆም ነበር። ፊደል አይተረጎምም፣ ወደ ግዕዝ ፊደልም አይገለበጥም። «ኬኤም1» ብላችሁ አትጻፉ፤ ፓነሉ ላይ ያለው ተለጣፊ KM1 ነው፣ ሠራተኛው የሚያነጻጽረው ከሱ ጋር ነው። የሽቦ ቁጥርም እንዲሁ፣ የተርሚናል ቁጥርም እንዲሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፣ ሰሞኑን አንድ ልጅ ተሸውዶበታል። ፊደሉ የሚታመነው በዚያው ካርታ ውስጥ ብቻ ነው። ከአንዱ ካርታ ወደ ሌላው ይቀየራል። በዚህ ቻይንኛ ካርታ ኮንታክተር KM ነው፤ በአዲሱ ዓለም አቀፍ አሰያየም የኃይል ኮንታክተር Q ተብሎ ይመጣል፤ የጃፓን ካርታ ላይ MC ታገኙታላችሁ፣ ኦቨርሎዱን ደግሞ THR። ስለዚህ የአምናውን ዝርዝር ለዘንድሮ ፓነል ገልብጣችሁ አትጠቀሙ። ስማችሁ ይቀጥል፣ «ኦቨርሎድ» ሁሌ ኦቨርሎድ ይሁን፤ ፊደሉን ግን በየካርታው አዲስ ልቀሙ። በሦስቱ ኮንታክተሮች መሀል ማን ስታር ማን ዴልታ እንደሆነም በቁጥሩ አትገምቱ። አንዱ ካርታ KM2ን ዴልታ ያደርገዋል፣ ሌላው ስታር። መስመሩን በጣት ተከትላችሁ ሦስቱን የሞተር ጫፍ አንድ ላይ የሚያስረውን ፈልጉ፤ እሱ ነው ስታሩ።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ ችግር ልግባ። ይኼኛው ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም።

«ክፍት» እና «ዝግ»። በትምህርት ቤት ያስተማርነው «በተለምዶ ክፍት»፣ «በተለምዶ ዝግ» ብለን ነው፤ እኔም ለዓመታት ሰሌዳ ላይ እንደዚያ ጽፌያለሁ። አሁን ግን ለሳይት ወረቀት አልጽፈውም። በእኛ ቤት «ሬዲዮኑን ክፈተው» ማለት አሠራው ማለት ነው። «ቲቪውን ዝጋው» ማለት አጥፋው ነው። ውኃ ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቫልቭ ሲከፍት ውኃ ያልፋል፣ ሲዘጋ ይቆማል። በኤሌክትሪክ ግን ክፍት የሆነ ኮንታክት ምንም አያሳልፍም፤ የተዘጋው ነው የሚያሳልፈው። ፍጹም ተቃራኒ! እኛ ኤሌክትሪሺያኖች ለምደነዋል፣ ኦፕሬተሩ ግን ከየት ያምጣው? ቻይንኛውም ውስጥ ያው ጣጣ አለ። «ካይ» የሚለው ቃል በር መክፈትም ነው፣ ማብሪያው ላይ ሲጻፍ አስነሳ ማለትም ነው፣ ኮንታክት ላይ ሲጻፍ ደግሞ የተለያየ ማለት ነው። አንዷ ቃል በአንድ ካርታ ላይ አስነሺም ናት፣ ያልተገናኘችም ናት። በሁለቱም ቦታ «ክፍት» ብላችሁ ብትተረጉሙ ቃል ጠብቃችኋል፣ ትርጉሙን ግን ጥላችኋል።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። የተንሳፋፊ ማብሪያ ትርጉም ላይ «ውኃ ሲያንስ ይከፈታል» ተብሎ ተጽፏል። ምን ማለት ይመስላችኋል? ካርታው ላይ የነበረው የታችኛው ገንዳ ተንሳፋፊ ነው። የታችኛው ገንዳ ውኃ ሲያንስ ኮንታክቱ ይለያያል፣ ፓምፑ ይቆማል፣ በደረቁ እንዳይዞር። ኦፕሬተሩ ግን «ውኃ ሲያንስ ፓምፑ ይከፈታል» ብሎ ነው የተረዳው። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ላይ ያለው ታንከር ላይ ቢሆን እኮ ነገሩ በትክክል እንደዚያ ነው፣ ውኃ ሲያንስ ፓምፑ ይነሳል። ዐረፍተ ነገሯ ለሁለቱም ተንሳፋፊ ትሆናለች፣ ለአንዱ ተቃራኒ ሆና። እሱም የታችኛው ባዶ ሲሆን ፓምፑ ስለቆመበት «ማብሪያው ተበላሽቷል» ብሎ በሽቦ አገናኘው። የቀረውን ገምቱት።

ስለዚህ አሁን የምጽፈው እንዲህ ነው። ኮንታክት ሲሆን «ይለያያል»፣ «ይገናኛል»። ሞተር ሲሆን «ይነሳል»፣ «ይቆማል»። «ክፈት» እና «ዝጋ» ለቫልቭና ለፓነሉ በር ብቻ። ሦስት ጥንድ ቃል ነው፣ አይቀላቀሉም። ያች ዓረፍተ ነገር «የታችኛው ገንዳ ውኃ ሲያንስ SL1 ይለያያል፣ ፓምፑ ይቆማል» ትሆናለች። ትረዝማለች፣ ትርዘም። ካርታው ላይ የታተሙትን NO እና NC ደግሞ እንዳሉ እተዋቸዋለሁ። (አንድ ተርጓሚ NO የሚለውን «ቁጥር» ብሎት አይቻለሁ፤ ነጥብ የሌለው «ቁጥር» ሆኖበት። ሌላው ደግሞ በእጅ የተጻፈውን «የእሳት ሽቦ» የሚለውን የቻይኖች አጠራር እንዳለ ገልብጦት፣ ሰዎቹ የእሳት አደጋ ማንቂያው የት ነው እያሉ ፈልገዋል። ፌዝ ነው እኮ! ባለ ኃይሉ ሽቦ።)

ደግነቱ ይህን ቃል ሳንጠይቅ የምናረጋግጥበት መንገድ አለ፤ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ኮንታክተር ላይ ረዳት ኮንታክቱ በ1 እና በ2 ካለቀ፣ ለምሳሌ 21 እና 22፣ ሲያርፍ የተገናኘ ነው። በ3 እና በ4 ካለቀ፣ ለምሳሌ 13 እና 14፣ ሲያርፍ የተለያየ ነው። ኦቨርሎድ ላይ 95 እና 96 የተገናኘው ነው፣ ከኮይሉ ጋር በተከታታይ የሚታሰረው፤ 97 እና 98 የተለያየው ነው፣ ወደ ብልሽት መብራቱ የሚሄደው። A1 እና A2 ኮይሉ ነው። ትርጉማችሁ ላይ «95 እና 96፦ የተለያየ» የሚል ካገኛችሁ ቃሉን ሳይሆን ራሳችሁን ጠርጥሩ፤ ሁለት መስመር አቀላቅላችኋል፣ ወይም ፎቶው ላይ ቁጥሩን አሳስታችሁ አንብባችኋል።

ፎቶውን ካነሳሁ ዘንድ እሱንም ልጨርሰው። ከጎን ያነሳችሁት ፎቶ ላይ ፍላሽ መሀሉን ያነጣዋል፣ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ 3፣ 8 እና B አንድ ይሆናሉ። ፍላሹን አጥፉ፣ በሩን ወደ ብርሃን አዙሩ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ፊት ለፊት ያዙ። ካርታውን ስትቆራርጡ አንዱ ፎቶ ከሌላው ጋር ቢያንስ አንድ ሙሉ ዕቃ ይጋራ፤ ፎቶ 1 ዳር ላይ ያለው ዕቃ ፎቶ 2 ላይም ከነፊደሉ ይታይ። መስመሩ ከየት ወዴት እንደሚሻገር የሚታወቀው በዚያ ነው፣ ስሙም እዚህና እዚያ አንድ መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነው። የሞተሩን ታርጋ ለብቻው አንሱ። የዕቃ ዝርዝሩን ሠንጠረዥ ለብቻው አንሱ። የማይነበብ ቁጥር ካለ ደግሞ አትገምቱ፤ እኔ በቦታው የጥያቄ ምልክት አደርግና ሄዶ በዓይኑ እንዲያየው ሰው እልካለሁ። ሳይት ላይ ያለ ሰው ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጅበት።

አሁን «አማርኛችን ምን ጎድሎት ነው ኦቨርሎድ፣ ኮንታክተር የምትለው?» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ፤ ይህን ሲያነብ መምጣቱ አይቀርም። ወንድሜ፣ አልቃወምህም። «ከልክ በላይ ጭነት መከላከያ» ብትለው ደስ ይለኛል፣ ምን እንደሚሠራ ይናገራል። ችግሩ ሱቅ ሄደህ በዚያ ስም ስትጠይቅ ሻጩ ምናልባት ብሬከር ያቀብልሃል፣ ምናልባት ስታቢላይዘር፤ ሁለቱም እኮ በአንድ በኩል ከልክ በላይ ነገርን ይከላከላሉ። የሚያብራራ ስም ጥሩ የሚሆነው አንድን ነገር ብቻ ሲያብራራ ነው። ስለዚህ ዕቃ ሲሆን ባለሱቁ የሚያውቀውን ስም እወስዳለሁ፣ ዕቃው የሚያደርገው ነገር ሲሆን ግን ንጹህ አማርኛ እጽፋለሁ፤ ይነሳል፣ ይቆማል፣ ይገናኛል፣ ይዘገያል። እንግሊዝኛውን እንዳለ እንተወው የሚሉትም አሉ። ለእናንተ ይሆናል። ማታ ብቻውን ተረኛ ለሆነው ኦፕሬተር ግን አይሆንም፣ ያ ወረቀት የሚጻፈውም ለእሱ ነው።

ለዚያ «የተወሰነ ኩረንት»ስ ምን አልኩት? «የታርጋ አምፔር» እና «የሴቲንግ አምፔር»። አንዱ ሞተሩ ላይ ተለጥፎ የሚገኝ ነው፣ አንዱ በዊንዲቨር የሚዞር ነው። አያምርም አውቃለሁ። ግን አንዱን አንሥቶ በሌላው ቦታ የሚያስቀምጥ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። በዚያ ፓነል በር ላይ አሁን ሁለቱ ከነፊደላቸው ተጽፈዋል፤ ከ40.5 አጠገብ ደግሞ በቅንፍ «70 ሲካፈል ለ1.73፤ FR ከKM1 በታች ስለሆነ» ብለን አክለናል። ቁጥሩ ስህተት የሚመስለው ሰው ቢመጣ ከመቀየሩ በፊት ምክንያቱን ያነበዋል።

አንተም ትናንት ማታ የላክህልኝ ልጅ፣ ይኸው ምላሼ። ፎቶ 2 እና ፎቶ 3 መሀል አይገናኙም፣ ቢያንስ አራት ጣት የሚያህል ካርታ ጠፍቷል፤ KT የት እንደሚገባ አይታይም። እንደገና አንሳልኝ፣ ያለ ፍላሽ። የሞተሩን ታርጋ አልላክህልኝም። ሠንጠረዡ ላይ FR አጠገብ ያለው ቁጥር 28.5 ይሁን 23.5 አልለየሁትም፤ ሄደህ በዓይንህ እይና ጻፍልኝ፣ ታርጋውን ስትልክልኝ በ1.73 አካፍዬ አረጋግጠዋለሁ። የፊደሎቹን ዝርዝር ግን ጨርሻለሁ፣ 14 ናቸው፣ በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ። ፓነሉ ውስጥ ካሉት ተለጣፊዎች ጋር አንድ በአንድ አመሳክር፤ የሌለ ወይም የበዛ ካለ ከመተርጎሜ በፊት ንገረኝ።